የሰበካችንን ምእመናን ዕድሜ እንዴት ቆጥረን እንመድባለን?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት ለልማት ሥራ የሚያቀርቡትን የምእመናን ዝርዝር ስንመለከት ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ነገር አለ። ሠላሳ፣ አርባና ስድሳ ዓመት የሆናቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ፣ አርባ ሦስት ወይም ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ግን ከስንት አንድ ነው። የልደት ቀኑን በጽሑፍ ያልያዘ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ በዜሮ ወይም በአምስት የሚያልቅ ቁጥር ይናገራል፤ መዝጋቢውም እንደዚያው ይጽፋል። በዚህ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ለስንት አረጋውያን እርዳታ፣ ለስንት ሕፃናት መማሪያ ቦታ እንደሚያስፈልግ ሲወሰን ስሕተቱ ወደ ውሳኔው ይሻገራል።

የስሕተቱን መጠን ለማወቅ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ በዊፕል ስም ይጠራል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ሰዎች በሙሉ ትቆጥራላችሁ። ከእነርሱ መካከል ዕድሜያቸው 25፣ 30፣ 35 እያለ እስከ 60 የሚደርሱትን ለይታችሁ ታወጣላችሁ። ሰው ሁሉ ዕድሜውን በትክክል ቢናገር እነዚህ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናሉ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ሰበካ በዚህ ዕድሜ ያሉት 360 ሰዎች ቢሆኑ፣ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ያላቸው 72 ገደማ መሆን ይገባቸዋል። 162 ሆነው ከተገኙ 162ን ለ360 አካፍለን በ500 ስናባዛ 225 እናገኛለን። መቶ ከሆነ መዝገቡ ጤናማ ነው፤ ከ175 በላይ ከሆነ ግን ዕድሜዎቹ በጣም በግምት የተሞሉ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? አንደኛው መፍትሔ በካህናት እጅ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ስለሚጠመቁ፣ የጥምቀት ቀኑ በመዝገብ ከሰፈረ የልደቱን ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። መዝገብ ለሌላቸው ጎልማሶች ደግሞ ዘመነ ወንጌላውያን ይረዳል። በ2014 ዓ.ም. የተመዘገበ አንድ ሰው «አርባ ዓመቴ ነው» አለ እንበል። እናቱ በዘመነ ሉቃስ እንደወለዱትና በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ገና ይታዘል እንደነበር ያስታውሳሉ። ከአርባ ዓመት በፊት ባለው አካባቢ ዘመነ ሉቃስ የነበሩት 1971፣ 1975 እና 1979 ዓ.ም. ናቸው። በ1971 ተወልዶ ቢሆን በድርቁ ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማ ይሆነው ነበር፤ በ1979 ከሆነ ደግሞ ገና አልተወለደም። ስለዚህ የተወለደው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ በ2014 ዓ.ም. አርባ አልሞላውም። የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኞችም የታወቁ ክንውኖችን በዝርዝር ይዘው እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን ግን ከእነርሱ አንድ መሣሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛው መፍትሔ ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት ክልል መመደብ ነው፤ ከ0 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 14 እያሉ መቀጠል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከ5 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 15» ብሎ የጻፈ ሰው የአሥር ዓመቱን ልጅ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ደግሞም የሚጻፈው የሞላ ዓመት ነው፤ አምስተኛ ዓመቱን የያዘ ልጅ ገና አራት ዓመቱ ነው። ምደባው ግምቱን ያለዝባል እንጂ አያጠፋውም። ከላይ ያየነው ሰው ከ35–39 መመደብ ሲገባው ከ40–44 ክልል ገብቶ ነበርና።

አሁን አንድ ሺህ ምእመናን ያሉት ሰበካ በምሳሌነት እንውሰድ። ከ0–4 ዓመት 140፣ ከ5–9 ዓመት 150፣ ከ10–14 ዓመት 140፣ ከ15–19 ዓመት 110 ሰዎች አሉ፤ የቀሩት 460 ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። የመሐል ዕድሜ የምንለው ሕዝቡ ከታናሽ እስከ ታላቅ ቢሰለፍ በመካከል የሚቆመው ሰው ዕድሜ ነው። መካከሉ አምስት መቶኛው ሰው ነው። እስከ 14 ዓመት ያሉት 430 ስለሆኑ፣ አምስት መቶኛውን ለማግኘት ከቀጣዩ ክልል 70 ሰው እንጨምራለን። በዚያ ክልል 110 ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ተበትነዋል። ስለዚህ 70ን ለ110 አካፍለን በ5 ስናባዛ 3.2 ይሆናል፤ ከ15 ጋር ሲደመር 18.2 ዓመት ነው። የሰበካው ግማሽ ከዚህ በታች ነው ማለት ነው። አማካይ ዕድሜን ያልመረጥነው አለምክንያት አይደለም፤ «መቶ ዓመት ሞልቶኛል» የሚሉ ጥቂት አረጋውያን አማካዩን ወደ ላይ ይስቡታል፣ የመሐሉን ሰው ግን ከቦታው አያነቃንቁትም።

ይህንኑ በሥዕል ማየት የሚፈልግ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ክልል አንድ አግድም ዘንግ ይሥላል፤ ሕፃናት ከታች፣ አረጋውያን ከላይ፣ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። የዘንጉ ርዝመት ከጠቅላላው ምእመን ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ ወንዱን ከወንዶች፣ ሴቷን ከሴቶች ብቻ ማስላት ሥዕሉን ያዛባዋል። የዕድሜ ፒራሚድ የሚባለው ይህ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ስለነበሩ የአገሪቱ ፒራሚድ ሰፊ መሠረትና ሹል ጫፍ ነበረው።

በምሳሌያችን ግን የታችኛው ዘንግ ከበላዩ ያጥራል፤ 140 ከ150 ያንሳል። ይህ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ምናልባት እናቶች የሚወልዱት ቀንሷል፤ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 3.7 ልጅ እንደምትወልድ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 4.6 እንደሆነ አሳይቷል። ወይም ደግሞ ሕፃናቱ ሳይመዘገቡ ቀርተዋል፤ በተለይ ገና ያልተጠመቁት ከዝርዝር ይወድቃሉ። ለመለየት ያለፉትን አምስት ዓመታት የጥምቀት መዝገብ አውጥቶ፣ ከተጠመቁት ላይ የሞቱትንና ከአካባቢው የሄዱትን ቀንሶ፣ ያልተጠመቁትን ጨምሮ ማየት ነው። ውጤቱ 140 አካባቢ ከሆነ ለውጡ እውነት ነው፤ 160 ከሆነ ዝርዝሩ ጎደሎ ነው።

በወንዶች በኩል ከ20 እስከ 34 ዓመት ባሉት ዘንጎች ላይ ጎድጓዳ ከታየም ከመደምደማችሁ በፊት ምዝገባው በየትኛው ወር እንደተደረገ ጠይቁ። ከጋይንትና ከስማዳ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። በዚያ ወቅት «በቤት ያለውን ሰው» የቆጠረ ኮሚቴና «የቤቱ አባል የሆነውን» የቆጠረ ኮሚቴ ከአንዱ ሰበካ ሁለት የተለያዩ ፒራሚዶች ያወጣሉ። የትኛውን እንደቆጠራችሁ በዝርዝሩ ራስ ላይ ጻፉ።

የመጨረሻው ቆጠራ ከተደረገ ረጅም ዘመን ስላለፈ፣ ያን ጊዜ በ0–4 ክልል የነበሩት ሕፃናት ዛሬ አድገዋል። ከ1999ኙ ቆጠራ የተቀዳ የዕድሜ ሠንጠረዥ ለዛሬ ዕቅድ የምታቀርቡ ሰበካዎች ሠንጠረዡን ትታችሁ የራሳችሁን ዝርዝር ላኩልን፤ ዕድሜዎቹ በዘመነ ወንጌላውያን የተጣሩ ከሆነ ያንንም ጥቀሱ።