የአያት ቤት ማስታወቂያ በጆሮ ሲነበብ

በአያትና በአካባቢው ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያሻሽጥ ሰው ዛሬ ገበያ የሚወጣው በፎቶግራፍ ነው። የሕንፃው ምስል ላይ የመኝታ ክፍሉ ብዛት፣ ስፋቱ፣ ዋጋውና የስልክ ቁጥሩ በደማቅ ቀለም ይጻፍበትና በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይለጠፋል። ዓይኑ ለሚያይ ደንበኛ ይህ በቂ ነው። ዓይነ ስውር ለሆነ ገዢ ግን ስልኩ በእርግጠኝነት የሚያነብለት በፊደል የተጻፈውን ጽሑፍ እንጂ በምስሉ ላይ የተሣለውን አይደለም። ስለዚህ ዋጋው ከምስሉ ውስጥ ከቀረ ለእርሱ አልተነገረም፤ የሚደውልበት ቁጥርም የለም።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአንድ ሺህ ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር፣ 37ቱ ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያላቸው መሆናቸውን አመልክቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል ደሞዝተኛው፣ ነጋዴውና ከውጭ አገር ሆኖ ቤት የሚፈልገው ይገኙበታል። ማስታወቂያው በጆሮ የማይነበብ ሲሆን እንዲህ ያለው ገዢ ሌላ ሰው እንዲያነብለት መለመን ይኖርበታል። ስንት ብር እንዳለውና የት ለመግዛት እንዳሰበም በዚያው ለሌላው ይገለጣል።

ጽሑፉን የሚያነበው ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ በአይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል፤ በኮምፒውተር ላይ በነፃ ከሚገኙት ኤንቪዲኤ አንዱ ነው። ፕሮግራሙ አማርኛ እንዲናገር አማርኛ የሚችል ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ድምፅ አማርኛን ከሚያነቡት ውስጥ ነው። ይህን ማዘጋጀት የአድማጩ ድርሻ ሲሆን፣ የሚነበብ ነገር ማስቀመጥ ግን የሻጩ ነው።

ለአብነት አንድ ደላላ ገና በመሠራት ላይ ያለ አፓርታማ ለመሸጥ ይህን ለጠፈ እንበል። ምስሉ በኮምፒውተር የተሣለ ሕንፃ ነው፤ በላዩም «3 መኝታ፣ 120 ካሬ፣ 12 ሚሊዮን ብር» የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥር አለበት። ከሥሩ የተጻፈው ግን ይህ ብቻ ነው፦

🔥🔥🔥🏠🏠 እንዳያመልጥዎ! 👇👇👇 #አያትአፓርታማበቅናሽዋጋ

አድማጩ የሚሰማው «እሳት፣ እሳት፣ እሳት፣ ቤት፣ ቤት፣ እንዳያመልጥዎ» የሚል ነው። እያንዳንዱ ኢሞጂ የተመዘገበ ስም ስላለው ስክሪን ሪደሩ ስሙን ይጠራል፤ አንዳንዱ አንድ በአንድ ይደግመዋል፣ አንዳንዱ «ሦስት እሳት» ብሎ ይቆጥረዋል። ወደ ታች የምታመለክተው ጣትም በስሟ ትነበባለች እንጂ ምን እንደምታሳይ አትናገርም። በመጨረሻ ሃሽታጉ እንደ አንድ ረጅም ቃል ተጣድፎ ያልፋል። ደንበኛው ምን እንዳያመልጠው እንደተነገረው ሳያውቅ ማስታወቂያው አለቀ።

ማስተካከያው የሚጀምረው ምስሉ ላይ ያለውን እውነተኛ መረጃ ወደ ጽሑፉ በማውረድ ነው። ዋጋ፣ ስፋት፣ ቦታና ስልክ ምንጊዜም ከምስሉ ሥር በግልጽ ይጻፋሉ። ይህ የሚጠቅመው ዓይነ ስውሩን ብቻ አይደለም። ዝቅተኛ እይታ ያለው ሰው ፊደሉን አጉልቶ ያነበዋል፣ ሌላውም ቁጥሩን ቀድቶ ይደውላል፣ ፈላጊው «አያት» ብሎ ሲፈልግ ያገኘዋል። ቦታውን ሲጽፉም ጣት የምታመለክትበትን ሳይሆን የታወቀ ምልክት መጥቀስ ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ ቀላል ባቡር የምሥራቅ ጫፍ አያት በመሆኑ፣ «ከአያት ባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ» ማለት ለሁሉም ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ኦልት ቴክስት የሚባለው የምስል መግለጫ ነው። ይህ ለሚያየው ሰው በገጹ ላይ ሳይታይ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ሥራው ዓይን ከምስሉ የሚያገኘውን መናገር ነው። በቤት ገበያ ላይ ትልቁ ነገር ምስሉ ፎቶግራፍ ይሁን የኮምፒውተር ሥዕል መለየት ነው። የሚያይ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ሕንፃው ገና እንዳላለቀ ይጠረጥራል። መግለጫው «ዘመናዊ ባለ 9 ፎቅ አፓርታማ» ብቻ ካለ ግን አድማጩ የቆመ ሕንፃ እንዳለ አድርጎ ይረዳል፣ ቅድመ ክፍያውንም በዚያ ግምት ይመዝናል።

ስለዚህ የተሻለው መግለጫ እንዲህ ይሆናል፦ «የኮምፒውተር ሥዕል። በግንባታ ላይ ያለ ባለ 9 ፎቅ አፓርታማ ከፊት ሲታይ፤ በየፎቁ በረንዳ፣ በምድር ቤቱ ሱቆች አሉት።» «ምስል» ወይም «ፎቶ» እያሉ መጀመር አያስፈልግም፤ ምስል መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራል። «ውብ»፣ «ማራኪ» የሚሉት ቃላትም ለሰሚው የሚያስረዱት የለም። የቤቱ ፕላን ከተለጠፈ ደግሞ «ከመግቢያው በስተቀኝ ሳሎን፣ በስተግራ ወጥ ቤት፣ ሦስቱ መኝታ ቤቶች በኋላ በኩል» እያሉ በር ከፍቶ እንደሚገባ ሰው በቅደም ተከተል መግለጽ ነው።

መግለጫው የሚጻፍበት ቦታ እንደ መድረኩ ይለያያል። በፌስቡክ ምስሉን ከፍቶ ከሦስቱ ነጥቦች ዝርዝር ውስጥ Edit alt text የሚለውን መምረጥ ይቻላል። በኢንስታግራምም የተለጠፈውን ለማረም ሲከፍቱ ይኸው ትእዛዝ ምስሉ ላይ ይታያል። ቴሌግራም ለፎቶ የተለየ ሳጥን ስለሌለው መግለጫው ከምስሉ ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ ይገባል፤ ለተራ ተጠቃሚ 1,024 ፊደል ስለሚፈቀድ ቦታ አይጠብም። ፌስቡክ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ ግምት መግለጫ ያወጣል፤ ነገር ግን ሕንፃ መኖሩን ቢናገርም ግንባታው የት እንደደረሰ አያውቅምና በእርሱ መተማመን አይገባም።

ሃሽታግን በተመለከተ በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች #AyatApartment እያሉ የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ በትልቅ ፊደል ይጽፋሉ፤ አንባቢው ፕሮግራም ቃላቱን የሚለየው በዚያ ነው። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ዘዴ አይሠራም። ክፍተት ወይም ሰረዝ ቢገባ ደግሞ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። የሚያዋጣው ከሥር የሚሰመረው መስመር ነው፦ #አያት_አፓርታማ። ሁለት ሃሽታግ በመጨረሻ ላይ ይበቃሉ።

ያ ማስታወቂያ ታርሞ ሲለጠፍ ይህን ይመስላል፦

«አያት፣ በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ፤ ምስሉ የኮምፒውተር ሥዕል ነው። 3 መኝታ፣ 120 ካሬ ሜትር፣ 4ኛ ፎቅ። ዋጋ 12 ሚሊዮን ብር፣ ቅድመ ክፍያ 30 በመቶ። ከአያት ባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ። 🏠 #አያት_አፓርታማ»

ከዚህ በኋላ ስልክ ቁጥሩ ይጻፋል። አንዷ ኢሞጂ ከመረጃው በኋላ ስለመጣች አታደናቅፍም። በዓረፍተ ነገር መካከል ወይም በቃል ምትክ ብትገባ ግን ንግግሩን ትቆርጣለች።

ሥራው መሥራቱን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ ተደራሽነት ከሚለው ክፍል ቶክባክን ከፍቶ፣ ማያውን ሳያዩ ማስታወቂያውን ማዳመጥ ነው። ቶክባክ ሲበራ አንድ ጊዜ መንካት ማንበብ ብቻ ስለሆነ፣ ለመክፈትም ሆነ መልሶ ለማጥፋት ሁለቴ መታ መታ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አዳማጩ ማያውን ሳያይ የሚሸጠው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ስፋቱን፣ ዋጋውንና ስልኩን በወረቀት ላይ መጻፍ ከቻለ ማስታወቂያው ደርሷል። ከአምስቱ አንዱ ባዶ ከቀረ ያ መረጃ አሁንም ምስሉ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው።