እንግዳ ተናጋሪን በአጭር ቃል ስለ ማስተዋወቅ፤ የሚነገረውና የሚተወው

በቀድሞው ዘመን በነገሥታት ግቢ አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበረ። የአጋፋሪ ሥራ እንግዳውን ወደ ውስጥ ማስገባት፥ በግብርም ጊዜ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስፍራ ማስያዝ ነው።  በትምህርት ቤት ጉባኤ እንግዳ ተናጋሪን የሚያስተዋውቅ መምህር ወይም ሽማግሌ ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በር ይከፍታል፥ ስፍራ ያስይዛል፥ ከዚያም ገለል ይላል።

ነገሩ እንዲገለጽ በማክሰኝት አካባቢ ሊሆን የሚችል አንድ ጉባኤ ምሳሌ ይሁን። ውሃው ወደ ጣና በሚወርደው በጉማራ ተፋሰስ ዳገቱ ይታጠባል፤ በታች ያለውንም የዋልካ መሬት ቦረቦር ይቈርሰዋል። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋራ ሆነው በዚሁ ተፋሰስ የአፈሩን መታጠብና የድንጋይ እርከንን ጥቅም አጥንተዋል። እንግዲህ ከዚህ ማዕከል አንዲት ባለሙያ ለገበሬዎች እንዲናገሩ በትምህርት ቤቱ ተለምነው መጡ እንበል፤ ስማቸውም ወይዘሮ እገሊት ይሁን። የሚያስተዋውቁት ሽማግሌ ተነሥተው እንዲህ ቢሉ ምን ይሆናል?

«ዛሬ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ታላቅ እንግዳ መጥተውልናል። በትምህርታቸው እጅግ የገፉ፥ በውጭ አገርም በአገር ውስጥም የተመሰገኑ፥ ሊቅ ሰው ናቸው። የሚነግሩን ነገር ሕይወታችንን ይለውጠዋል። እርከን ካልሠራን መሬታችን ማለቁ ነው፤ እኔም በአባቴ ጊዜ አንድ ነገር አይቼ ነበር...»

በዚህ ንግግር ውስጥ ክፉ ቃል የለም፤ ነገር ግን ጕዳቱ ብዙ ነው። ገበሬው «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት» የሚለውን ብቻ ሲሰማ መሬት ሊለካ ነው ወይስ መዋጮ ሊጠየቅ ነው ብሎ ያስባል፤ ይህ ሐሳብ ከገባው በኋላ የሚነገረውን ሁሉ የሚሰማው በጥርጣሬ ነው። «ሊቅ» የሚለው ውዳሴም እንግዳይቱን አይረዳም። በፊቱ የተወደሰ ሰው ያፍራል፤ ሰሚውም «እስቲ እናያለን» ብሎ እንደ ፈታኝ ይቀመጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሽማግሌው የእርከኑን ነገር ራሳቸው መጀመራቸው ነው። እንግዳይቱ ምናልባት ሊናገሩ የመጡት እርከን ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ምን መደረግ እንዳለበት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ንግግራቸውን የሚጀምሩት አስተዋዋቂያቸውን በማረም ነው፤ ይህም በአገር ልማድ ለሁለቱም የሚከብድ ነገር ነው።

የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው።

«ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ክረምት ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ቦረቦር ምን ያህል እንደ ሰፋ ሁላችሁም አይታችኋል። ዛሬ የሚነገረው ስለዚሁ ነው። እንግዳችን በጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። በጉማራ ተፋሰስ ከእርሻ ላይ የሚታጠበውን አፈር ሲለኩ ሦስት ክረምት ቈይተዋል። የመጡት ትምህርት ቤቱ ለምኗቸው ነው፤ መሬት ለመለካት ወይም ስም ለመመዝገብ አይደለም። ንግግራቸው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ጥያቄ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። ወይዘሮ እገሊት ናቸው፤ እንስማቸው።»

ይህ ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። መጀመሪያ የተነሣው እንግዳይቱ ሳይሆኑ ሰሚዎቹ በዓይናቸው ያዩት ቦረቦር ነው፤ ሰሚው ነገሩ የራሱ መሆኑን ካወቀ በኋላ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ይፈልጋል። ከእንግዳይቱ ታሪክ የተመረጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሦስት ክረምት አፈር መለካታቸው ነው። የትምህርት ማዕረጋቸው ቢዘረዘር ገበሬው በምን ያመዛዝነዋል? ሦስት ክረምት ዝናብና ጭቃ ውስጥ መቆም ግን ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል። ማን እንደ ጠራቸውና ለምን እንዳልመጡ መነገሩም ጥርጣሬውን ከሥሩ ይነቅላል። እንዲህ ያለው ቃል የሚነገረው ግን እውነት መሆኑ ከራሳቸው ከተጠየቀ በኋላ ነው፤ እንግዳይቱ በእርግጥ ስም የሚመዘግቡ ከሆነ ይህንኑ በግልጥ መናገር ይሻላል።

ስሙ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስም ሲጠራ ሕዝቡ ያጨበጭባል፥ እንግዳውም ይነሣል፤ ከስሙ በኋላ ንግግር የሚቀጥል እንደ ሆነ እንግዳው በመቆምና በመቀመጥ መካከል ይቸገራል። ይሁን እንጂ ባማርኛ ገላጩ ቃል ከስሙ በፊት ስለሚመጣ ሌላ ችግር ይነሣል። «በጎንደር የሚሠሩት፥ በጉማራ ያጠኑት፥ ዛሬም ጥሪያችንን ተቀብለው የመጡት...» እየተባለ ሲደረደር ሰሚው ስሙ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያውን ይረሳል። ስለዚህ ከዚህ በላይ እንደ ተደረገው እያንዳንዱን ነገር በየራሱ አጭር ዐረፍተ ነገር መዝጋት ይገባል።

ስምን ከወረቀት ብቻ አንብቦ መጥራት አያስተማምንም። የፊደላችን ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ «ዋና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ አለቃ ወይም ቀዳሚ ማለት ነው፥ ሲላላ ግን በውሃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጻፍ አንድ ነው። በሰው ስምም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ አስተዋዋቂው ከጉባኤው በፊት እንግዳውን ለብቻ አግኝቶ ስሙንና የአባቱን ስም በአፉ ያስጠራዋል፤ እርሱም ደግሞ ይጠራለታል። በዚያው ጊዜ በምን ማዕረግ መጠራት እንደሚፈልግ፥ እንዳይነሣበት የሚፈልገውም ነገር እንዳለ ይጠይቀዋል። የትውልድ አገር፥ ሃይማኖት፥ ትዳርና ሕመም እንግዳው ራሱ ካላነሣው በቀር አይነገሩም።

በገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ግን እንግዳው የቦታው ተወላጅ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ሽማግሌው በሕፃንነቱ ያውቁታል፤ ከብት ሲጠብቅ፥ ሲገረፍም አይተውታል፤ ሕዝቡን ለማሳቅ ይህን መናገር ያምራቸዋል። ሳቁ ይገኛል፤ ነገር ግን ስለ ወባ መድኃኒት ሊናገር የመጣው ሰው ከዚያ በኋላ የእገሌ ልጅ እንጂ ሐኪም ሆኖ አይሰማም። በቤት «አንተ» የሚባል ቢሆንም በጉባኤው ፊት «እርስዎ» እና «እርሳቸው» ይባላል። «የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሕፃናቱ በዚህ አንድ ቃል ብዙ ይሰማሉ።

ምርቃትም በስፍራው ይሁን። ጉባኤው በሽማግሌ ምርቃት የሚከፈት እንደ ሆነ ምርቃቱ ከማስተዋወቁ በፊት በሌላ ሰው አፍ ይፈጸማል፤ ምስጋናው ደግሞ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ይሰጣል፤ ገና ላልተሰማ ነገር የሚመሰገንበት ምክንያት የለምና።

አስተዋዋቂው ስሙን ጠርቶ እንደ ፈጸመ እንግዳው ደርሶ እስኪቆም ድረስ በስፍራው ይጠብቃል፤ ከዚያም ከፊቱ ዞር ብሎ ሰሚዎቹ በተቀመጡበት ይቀመጣል። ስሙን አሳስቶ ጠርቶ እንደ ሆነ ያንኑ ጊዜ ትክክለኛውን ስም ብቻ ደግሞ ይጥራ፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም።