ወራጁ ሲራራቅ የትኛው ቆርቆሮ፣ ስንት ሚስማር?

ወራጆቹ በ1.5 ሜትር የተራራቁበት ቤት አለ እንበል። ባለቤቱ ቆርቆሮ መሸጫ ገብቶ «ወራጄ የተራራቀ ነውና ወፍራሙን ስጡኝ» ይላል። ቆርቆሮው የሚያርፈው ግን ወራጁ ላይ ሳይሆን ወራጁን አቋርጦ በተመታው ሞራሌ ላይ ነው። የወራጁ ርቀት የሚፈትነው ሞራሌውን ነው፤ የቆርቆሮውን ውፍረት የሚወስነው ደግሞ በሞራሌና በሞራሌ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

እንግዲያው ከሞራሌው እንጀምር። ርቀቱ ከ1 ሜትር ወደ 1.5 ሲሰፋ ያው ሞራሌ በየሜትሩ ያው ክብደት ቢጫነው እንኳ 5 እጥፍ ያህል ይጎብጣል። መድኃኒቱ አዲስ እንጨት መግዛት ላይሆን ይችላል። 5 በ7 ሞራሌ በጠባብ ጎኑ ሲቆም፣ በሰፊ ጎኑ ከሚጋደም ይልቅ መጉበጥን 2 እጥፍ ገደማ ይቋቋማል። የቆመ ሞራሌ ግን በተዳፋቱ ላይ መገልበጥ ስለሚወድ በየወራጁ ከበታቹ ታኮ ይመታለት።

አሁን ቆርቆሮው። የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 32 ጌጅ 0.25፣ 35 ጌጅ 0.2 ገደማ ነው። ለሞገድ ቆርቆሮ እኔ የምይዘው ልክ ለ28 ጌጅ 90 ሳንቲም፣ ለ32 ጌጅ 60 ሳንቲም የሞራሌ ርቀት ነው። 35 ጌጅን ለመኖሪያ ቤት አልመክርም፤ ጠጋኝ አንዴ ሲወጣበት ይጨረመታል። ዋጋ ሲያወዳድሩ ቆርቆሮውን ብቻ አይመልከቱ፤ ቀጭኑ ተጨማሪ ሞራሌ ይበላል።

የቀረው ሚስማሩ ነው። ብዙ ጊዜ ጣራ የሚወስደው ነፋስ ከላይ ተጭኖ ሳይሆን ወደ ላይ ስቦ ነው። በሞገድና በሞገድ መካከል 7.6 ሳንቲም ያህል አለ። በየ3 ሞገዱ ከተመታ በሚስማሮቹ መካከል 23 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህን በ90 ሳንቲም የሞራሌ ርቀት ብናባዛው አንድ ሚስማር 0.2 ካሬ ሜትር ጣራ ይይዛል። ነፋሱ ካሬ ሜትሩን በ100 ኪሎ ቢስብ ለአንዱ ሚስማር 20 ኪሎ ይደርሰዋል። ሞራሌው በ1.5 ሜትር ቢራራቅ ግን 35 ኪሎ ይሆናል፤ ያኔ ሚስማሩ ባይነቀል እንኳ ስስ ቆርቆሮ በሚስማሩ ራስ ዙሪያ ይቀደዳል። ስበቱ የሚበረታው በጣራው ጠርዝ፣ በማዕዘኑና በጫፉ ላይ ስለሆነ እዚያ በየ2 ሞገዱ፣ መሃል ላይ በየ3 ሞገዱ ይመታ።

ሚስማሩ የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ውሃ ይወርዳልና። የሚስማሩ ጎማ ቆርቆሮውን በደንብ ሲነካ መምታቱ ይቁም። ከዚያ ካለፈ የሞገዱ ጀርባ ይረገጥና ውሃ በሚስማሩ ዙሪያ ይቋጥራል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ጎማውን በጣት ያዙሩት። በቀላሉ ከዞረ ያንኑ ሚስማር መልሶ መደብደብ ትርፉ ትንሽ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ጎማ ያለው ረዘምና ወፈር ያለ ብሎን ይግባ።