ከገበያና ከጓዳ የሚነሡ የመቀነስ ጥያቄዎች አነዳደፍ፦ ለአዳማ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች

በቃላት የሚገለጹ የመቀነስ ጥያቄዎች ሲዘጋጁ ከተማሪው ኑሮ እንዲነሡ ይመከራል። ይሁንና በ«ፖም» ፋንታ «የመቂ ቲማቲም» ብሎ መተካት ብቻውን ጥያቄውን የተሻለ አያደርገውም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ተማሪው ሲሳሳት ስሕተቱ ከስሌት ወይስ ከንባብ እንደ መጣ ለመምህሩ በሚያመለክት አነዳደፍ ላይ ነው።

የሚከተለውን እንመልከት። «ጫልቱ 50 ብር ይዛ አዳማ ገበያ ሄደች። አንድ መደብ ቲማቲም በ32 ብር ገዛች። መልሱ ስንት ነው?» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው፤ ሻጭ ለገዢ የምትመልሰው ገንዘብም፣ የጥያቄው ውጤትም በአማርኛ «መልስ» ይባላሉና። «ሻጯ ለጫልቱ ስንት ብር ትመልስላታለች?» ቢባል ብዥታው ይወገዳል።

የቁጥሮቹ ምርጫም ምክንያት አለው። ትክክለኛው ውጤት 18 ነው። 22 ያለ ተማሪ በአንድ ቤት ከ0 ላይ 2 መቀነስ ሲያቅተው ገልብጦ ከ2 ላይ 0 ቀንሷል። 28 ያለው ከአስር ቤት ተበድሯል፤ ነገር ግን 5ን ወደ 4 ዝቅ አላደረገም። 82 ያለው ደግሞ ደምሯል፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር መነጋገር የሚገባው ስለ ታሪኩ እንጂ ስለ መበደር አይደለም። የቲማቲሙ ዋጋ 30 ብር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች ባልታዩ ነበር።

መልስ የሚሰጥ ነጋዴ ግን በጽሑፍ አይበደርም። ከ32 ተነሥቶ 8 ሲጨምር 40፣ 10 ሲጨምር 50 ይደርሳል፤ የጨመረው 18 ነው። ቴሬዚና ካራኸርና ባልደረቦቿ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የሚነግዱ ልጆች በገበያ በቃል የሚሠሩትን ስሌት በወረቀት ሲቀርብላቸው ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። ስለዚህ ተማሪው 18ን በመደመር መንገድ ቢያገኘው «አልቀነስክም» ተብሎ ሊታረም አይገባም፤ ይልቁንም ሁለቱን መንገዶች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ማስፈር ይሻላል።

ከስሌቱ ይልቅ አሳሳቢው፣ ተማሪው ታሪኩን ትቶ «ቀረ»፣ «ሸጠ»፣ «ተበላ» የሚሉ ቃላትን ብቻ ማሳደዱ ነው። ለመፈተን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጣልቃ ይግባ፦ «ጫልቱ ጠዋት 6 እንቁላል ሸጠች። አሁን 9 ቀርተዋታል። ከመሸጧ በፊት ስንት ነበሯት?» ቃላቱ ሁሉ የመቀነስ ይመስላሉ፤ ውጤቱ ግን 15 ነው። 3 ብሎ የሚመልስ ልጅ ቃል እንጂ ታሪክ አላነበበም። ከጓዳ ደግሞ «በሞሰቡ 14 እንጀራ ነበር። ከምሳ በኋላ 9 ተገኘ። ስንት ተበላ?» የሚለው የጠፋውን መጠን ያስፈልጋል። «የጫልቱ እናት 14፣ አክስቷ 9 እንጀራ ጋገሩ። የእናቷ በስንት ይበልጣል?» ሲባል ግን የተወሰደ ነገር የለም፤ ስሌቱ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ለልጆች ይከብዳል። በመሆኑም የማነጻጸር ጥያቄ መጀመሪያ በሁለት ረድፍ በተደረደሩ ጠጠሮች ቢቀርብ ይመረጣል።

የዋጋ ነገር አስቸጋሪ ነው። ዋጋ ስለሚለዋወጥ በመጽሐፍ የታተመው ቁጥር ልጁ ከሚያውቀው ሊርቅ ይችላል። መምህሩ የዕለቱን ዋጋ ከተማሪዎቹ ጠይቆ፣ ከ100 በላይ ከሆነበት ከኪሎ ይልቅ በመደብ ወይም በፍሬ የሚሸጠውን ይምረጥ።