ሪክሩተር ዕድሜ፣ ትዳርና ፎቶ ሲጠይቃችሁ

 

በፎርት ዎርዝና በዳላስ አካባቢ የኢንጂነሪንግ ወይም የአይቲ ሥራ ስትፈልጉ፣ የመጀመሪያው ስልክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሱ ከቀጣሪው ድርጅት ሳይሆን ሠራተኛ ከሚያቀርብ ኤጀንሲ ሪክሩተር ነው። ስልኩ ሲዘጋ ኢሜይል ይከተላል፤ ከታቹም የሚሞላ ዝርዝር አለው። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች፣ አንዳንዴም የጋብቻ ሁኔታና ፎቶ። በዚህ ሙያ ስለምሠራ ዝርዝሩን ይዘው የሚጠይቁኝ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ሁሉንም ሞልቶ ይልካል። ሌላው ደግሞ “ይህን መጠየቅ ሕገ ወጥ ነው” ብሎ ይመልስና ሪክሩተሩ ከዚያ በኋላ አይደውልለትም።

ሕጉን በትክክል ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል አይከለክልምና። የ1967ቱ የፌዴራል የዕድሜ አድልዎ ሕግ የሚጠብቀው ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። የቴክሳስ ሕግም እንዲሁ። ስለዚህ የ24 ዓመት ልጅ ይህን ሕግ ለሪክሩተር ቢጠቅስ የማይመለከተውን መጥቀሱ ነው። ትዳርን በተመለከተ ካሊፎርኒያ በሥራ ቅጥር ላይ በግልጽ ጥበቃ ትሰጣለች፤ ቴክሳስ ግን አትሰጥም። ሴቶችን ብቻ እየለዩ “አግብተሻል? ልጅ አለሽ?” ማለት ግን በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፆታ አድልዎ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑም ቀጣሪዎች ከአመልካች ፎቶ እንዳይጠይቁ፣ ለመለያ ካስፈለገም ሥራው ተሰጥቶ አመልካቹ ከተቀበለ በኋላ እንዲወስዱ ይመክራል።

ባጭሩ፣ አብዛኛው ጥያቄ ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ጣጣው መልሱን ለመምረጫ መጠቀም ላይ ነው። ሪክሩተሩም ብዙ ጊዜ ክፉ አስቦ አይደለም። ከሌላ አገር ሆኖ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ አበባም ቢሆን ፎቶና የጋብቻ ሁኔታ በሲቪ ላይ ማስፈር የተለመደ ነው። አባቶቻችን “ፎቶህን ለጥፍበት” የሚሉንም ከዚያው ልማድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ከጀርባው ምን ጉዳይ እንዳለው ፈልጉና ለዚያ ጉዳይ መልስ ስጡ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህት 24 ዓመቷ ነው፤ ሲቪል ኢንጂነሪንግ አጠናቃለች፣ ሒጃብ ትለብሳለች። ከላይ ያለው ዝርዝር መጣላት።

የትውልድ ቀን የሚጠየቀው በአብዛኛው ለኮምፒውተር ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ከብዙ ኤጀንሲዎች ሲቪ ስለሚቀበሉ አንድ አመልካች በሁለት ኤጀንሲ እንዳይገባባቸው መለያ ይፈልጋሉ። ለዚያ ወርና ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አንዳንዱ ፎርም ራሱ `MM/DD` ብቻ ይላል። እህታችን ወሩንና ቀኑን ሰጥታ፣ “ዓመቱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ኦፈር ከመጣ በኋላ ለጀርባ ታሪክ ማጣሪያው እሰጣለሁ። ዕድሜዬ ከ18 በላይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የመሥራት ፈቃድም አለኝ” ትላለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሪክሩተሩ በእርግጥ ማወቅ ያለበት ነገር ናቸው፤ ሳይጠየቁ መናገራቸው እምቢታውን ያለዝበዋል። ሳትደብቁ ልትመልሱት የሚገባ ጥያቄም አለ። በፎርት ዎርዝ የጦር አውሮፕላን ሥራ ላይ ዜግነትን ወይም ግሪን ካርድን መጠየቅ ከወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ የሚመጣ ነውና እንደ ትዳር ጥያቄ አትቁጠሩት።

ከትዳር ጥያቄ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የጉዞ፣ የማታ ፈረቃ ወይም ከተማ የመቀየር ጉዳይ ነው። እሷም እንዲህ ትመልሳለች፦ “ጥያቄዎ ለሥራው መገኘቴን የሚመለከት ከሆነ፣ በወር አንድ ሳምንት ወደ ሳይት መጓዝና ቅዳሜ መሥራት እችላለሁ። ሥራው ከዚህ የበለጠ ጉዞ አለው?” በጥያቄ መጨረሷ ጠቃሚ ነው፤ ንግግሩ ወደ ሥራው ይመለሳልና። የማትችሉትን ግን እችላለሁ አትበሉ። “አግብቻለሁ” ብሎ መዋሸትም መፍትሔ አይደለም። አለመናገር ውሸት አይደለም፤ በማመልከቻ ላይ የተጻፈ ውሸት ግን ከተቀጠራችሁ በኋላም ሊያስባርር ይችላል፤ በዲናችንም ቦታ የለውም።

ቴክሳስ ውስጥ ግን ሰው በወዳጅነት ብቻ “ትዳር አለሽ?” ሊል ይችላል። ልዩነቱ በቦታውና በድግግሞሹ ይታወቃል። ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር፣ ስለ ራሱ ልጆች እያወራ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ፈገግ ብሎ “ቤተሰቤ ትልቅ ነው፣ ዒድ ላይ ቤቱ አይበቃንም” ማለት ይበቃል። መመለስ ከፈለጋችሁም ነውር የለውም። ማስታወሻ እየያዘ ሁለቴ ከጠየቀ ግን ጨዋታ አይደለም።

ፎቶው ለእኛ ከባዱ ነው። የሒጃብ ጉዳይ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በተልሳ ኦክላሆማ በ2008 ደርሷል። ሳማንታ ኢላውፍ አበርክሮምቢ በተባለው የልብስ መደብር አመለከተች፤ ቃለ መጠይቁንም አለፈች፤ የራስ መሸፈኛዋ ግን ከመደብሩ የአለባበስ ደንብ ጋር አይሄድም ተብሎ ቀረች። ማንም ስለ ሃይማኖቷ አልጠየቃትም፤ እሷም አላነሳችም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 በ8 ለ1 ድምፅ ለእሷ በሚያመች መንገድ ተወሰነ። ቀጣሪው በእርግጠኝነት ባያውቅም፣ ሃይማኖታዊ ልብሷን ላለማስተናገድ ብሎ ካልቀጠራት ጥፋት ነው ተባለ። እሷን ያየ ሰው ስለነበረ ምክንያቱ ሊወጣ ቻለ። በኢሜይል የሄደ ፎቶ ግን በማን እጅ እንደገባና ለምን እንደታለፋችሁ አታውቁም።

እህታችን እንግዲህ ፎቶ ለምን ተፈለገ ብላ ታስብ። በአሁኑ ጊዜ በሌላ ሰው ስም ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ ስላሉ ኤጀንሲዎች ማንነትን ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። “በቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ካሜራዬን እከፍታለሁ፤ መታወቂያዬንም ኦፈር ሲመጣ አቀርባለሁ” ካለች ሥጋታቸው ተመልሷል። ሊንክድኢን ላይ ፎቶ ካላት ግን “ፎቶ አልሰጥም” ማለቷ እንግዳ ይሆናል፤ ያኔ ገጿን መጥቀስ ይቀላል። መንጃ ፈቃድን ፎቶ አንስቶ መላክን ከኦፈር በፊት እኔ አልመክርም፤ አድራሻና የትውልድ ዓመት አንድ ላይ ይዟልና።

እነዚህ መልሶች ተሰጥተው ሪክሩተሩ “ካልሞላሽ አላስገባሽም” ካለ፣ “ይህ የደንበኛው ድርጅት መስፈርት ነው? በጽሑፍ ሊልኩልኝ ይችላሉ?” ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። አብዛኛው እዚህ ላይ ይተወዋል። ካልተወ ኢሜይሉን አስቀምጡ፤ በስልክ የተባለውንም ከነቀኑ ጻፉ። በሃይማኖት ወይም በፆታ ምክንያት ቀርቻለሁ የሚል ሰው ለቴክሳስ የሥራ ኃይል ኮሚሽን በ180 ቀን፣ ለፌዴራሉ ኮሚሽን ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ሕጉ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቀጣሪዎች ይመለከታል።

ኦፈሩን ከተቀበላችሁ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። `I-9` ላይ የትውልድ ቀን ከነዓመቱ፣ `W-4` ላይ ለግብር ሲባል ያላገባ ወይም ያገባ የሚለው፣ ለመግቢያ ባጅም ፎቶ ይጠየቃል። ያኔ ሳትከራከሩ ሙሉ።