በተተረጎመ ውል ውስጥ ግዴታና ፈቃድ እንዳይለዋወጡ እንዴት እንመርምር?

ውል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ዋጋው፣ ቀኑና የተዋዋዮቹ ስም ብዙ ጊዜ በትክክል ይሻገራል፤ የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። የሚያጣላው ስሕተት የሚገኘው ግን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው። እንግሊዝኛው በ«ሻል» ግዴታ ጥሎ፣ በ«ሜይ» ፈቃድ የሰጠበትን ቦታ አማርኛው ሳይታወቅ ሊገለብጠው ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋ የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከውሉ መጨረሻ አካባቢ ይገኛል። ልዩነት ቢፈጠር የትኛው ቅጂ እንደሚጸና ከተጻፈ፣ ሌላውን የሚያርሙት በእሱ ልክ ነው። ሁለቱም እኩል ይጸናሉ የሚል ከሆነ ግን እያንዳንዱ ልዩነት የክርክር በር ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 19ኛ አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የተስማሙና እኩል የሚታመኑ ናቸው ይል ነበር። በ17ኛው አንቀጽ ግን አልተስማሙም።

ቀጥሎ ሁለት ሰው ሥራውን ይካፈል፤ አንዱ እንግሊዝኛውን ብቻ፣ ሌላው አማርኛውን ብቻ ይያዝ። አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «ይህ ሰው የተባለውን ባያደርግ ውል አፍርሷል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ግዴታ ነው፤ «አላፈረሰም» ከሆነ ፈቃድ ነው። ማድረጉ ራሱ ውል ማፍረስ ከሆነ ደግሞ ክልከላ ነው። በየአንቀጹ ቁጥር ትይዩ «ግ»፣ «ፈ» ወይም «ክ» ብለው ይጻፉና በመጨረሻ ዝርዝሮቹን ያስተያዩ። ምልክቱ የተለያየበት አንቀጽ ብቻ ነው ውይይት የሚያስፈልገው።

ይህን ጥያቄ በውጫሌው 17ኛ አንቀጽ ላይ እንሞክረው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ምኒልክ በቀጥታ ቢጽፉ ውል አፍርሰዋል? በአማርኛው አላፈረሱም። ኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም መስማማታቸውን ይናገራል፤ ሮምም ይህን እንደ ግዴታ ወስዳ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ንግሥናቸውን በቀጥታ ደብዳቤ ሲያበሥሩ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል እንደሚሄድ መለሱላቸው። ልብ ይበሉ፦ በኢጣልያንኛው ውስጥ «ግዴታ አለባቸው» የሚል ቃል የለም፤ «ተስማምተዋል» የሚለው ግሥ በቂ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ተስማምቷል»፣ «ወስኗል»፣ «ቃል ገብቷል» የሚሉትንም በዚሁ ጥያቄ ይፈትኗቸው፤ «ሻል»ንና «ሜይ»ን ብቻ አድኖ ማለፍ አይበቃም።

በዛሬ የንግድ ቤት ኪራይ ውሎች በጣም የሚያስቸግሩት ሦስት የአማርኛ ቃላት ናቸው። አንዱ «ይገባዋል» ነው። «ተከራዩ ደረሰኝ ይገባዋል» ሲባል መብቱ ነው፤ «ተከራዩ ደረሰኝ ማቅረብ ይገባዋል» ሲባል ግን ግዴታ ይመስላል፣ ምክር ነው የሚልም ተከራካሪ አይጠፋም። ሁለተኛው «የለበትም» ነው፤ ከሁሉ የምፈራውም እሱን ነው። «ተከራዩ የጥገና ወጪ መክፈል የለበትም» የሚለውን አንዱ «አይገደድም» ብሎ፣ ሌላው «እንዳይከፍል ተከልክሏል» ብሎ ያነበዋል። እዚህ ትርጉሙን ጉዳዩ ራሱ ያስረዳ ይሆናል፤ «ቤቱን ቀለም መቀባት የለበትም» ላይ ግን የሚያስረዳ ነገር የለም። ተከራዩ ቢቀባው ካሣ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?

ሦስተኛው በአሉታ የመጣ «ይችላል» ነው። እንግሊዝኛው «ሜይ ኖት» ሲል በውል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ክልከላ ነው፤ አማርኛው «ለሦስተኛ ወገን ሊያከራይ አይችልም» መሆን አለበት። ቸኩሎ የተረጎመ ሰው «ላያከራይ ይችላል» ብሎ ከጻፈ ግን ክልከላው ወደ ምርጫ ተለወጠ፤ ተከራዩ ባያከራይም፣ ቢያከራይም ውሉን አላፈረሰም።

የተጠረጠረውን ዓረፍተ ነገር ለማረም እያንዳንዱን ትርጉም በአንድ ቃል ይያዙ፦ ለግዴታ «ግዴታ አለበት»፣ ለፈቃድ «መብት አለው»፣ ለክልከላ «የተከለከለ ነው»፣ ግዴታ ላለመኖሩ «አይገደድም»። «ይህ ውል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ይጸናል» በሚለው ዓይነት ቦታ ግን «ሻል»ን ወደ ግዴታ አይለውጡት፤ ማንም ላይ ሸክም አልተጫነም፣ ሁኔታ ብቻ ነው የተነገረው። ከዚያም የታረመውን አማርኛ ዋናውን እንግሊዝኛ ላላየ ሰው ይስጡና ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተርጉመው።

ይህ ሁሉ ከፊርማ በፊት መጠናቀቅ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1733 መሠረት ቃሉ ግልጽ የሆነን ውል ዳኛ ከዚያ ርቆ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጓሜ አይፈልግም፤ «እኔ ያልኩት እንዲያ አልነበረም» የሚለው ክርክር ጉልበት የሚያጣው በዚህ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስሕተት ከተገኘ ሁለቱም ወገኖች በሁለቱም ቋንቋ የማሻሻያ ውል ጽፈው፣ የተለወጠውን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሰው ይፈርሙ።