ከበየዳ ደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ ወባን በቤት ውስጥ መከላከል

የበየዳ ደጋ ብርዱ ስለሚከላከልለት ለወባ እምብዛም አይመችም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ በቆመበት አገር ሰው ስለ ንዳድ የሚያስበው ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። ወደ ተከዜ ለእርሻ የሚወርድ፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሑመራ የሚሄድ ደገኛ ግን ከቆለኛው ይልቅ በጽኑ ይታመማል፤ ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውምና።

በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ይህ ወሰን ግን አጥር አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና ተከትሎት በመጣው ጥቢ የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው ገድሏል። ስለዚህ ወይና ደጋ ላይ የሚኖርም ሰው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የሚከተለውን ያድርግ።

1. አጎበሩን አዘጋጅተው ይስቀሉ

አንድ አጎበር ለሁለት ሰው ይበቃል። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር በአንድ ጎጆ ያድራሉ እንበል፤ ሦስት አጎበር ያስፈልጋቸዋል። የተገኘው አንድ ብቻ ከሆነ ነፍሰ ጡር እናትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይቅደሙ።

አዲሱን አጎበር ከከረጢቱ አውጥተው አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ውስጥ ያናፍሱት። ከዚያ አራቱን ጥጎች በገመድ ከግድግዳውና ከጣሪያው ማገር ላይ ይሰሩ። ጫፉ ከመደቡ ወይም ከጠፍር አልጋው በታች እስኪወርድ ድረስ ዝቅ ያድርጉት፤ ማታ ሲገቡም ዙሪያውን ከጀንዲው ወይም ከፍራሹ ሥር ይወሽቁት። በመደብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በግድግዳው በኩል ነው፦ አጎበሩ ሰውነት ላይ ከተለጠፈ ትንኟ በጨርቁ አሳልፋ ትነድፋለች። እንዲሰፋ አድርገው ይወጥሩት።

ጠዋት ወደ ላይ ጠቅልለው ይሰሩት፤ ከኩራዝና ከእሳት ያርቁት። ሲቆሽሽ፣ በሦስት ወር ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይሆን፣ በተራ ሳሙና በሳፋ ይጠቡት። በረኪና አይጨምሩ፤ አጎበሩ የተነከረበትን መድኃኒት ያጠፋዋል። ወንዝ ውስጥም አይጠቡት፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። ጥላ ውስጥ ያስጡት። ቀዳዳ ሲያዩ በዚያው ቀን ይስፉ።

2. ያቆረውን ውሃ በየሳምንቱ ያስወግዱ

የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ ነው፦ የከብት ኮቴ የረገጠውን፣ ለቤት ልስን ጭቃ የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ የሚንጠባጠበውን፣ ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ የሚቀረውን። በቆላው ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በሳምንት አንድ ቀን ለይተው ቤቱን ቢዞሩ ክንፍ ሳያወጣ ይደርሱበታል።

ውሃው እጭ እንዳለው ለማወቅ ነጭ ሳህን ይዘው ከዳሩ ይቅዱና ለጥቂት ጊዜ ይጠብቁ። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ፊት ጋር እኩል ተጋድሞ ይተኛል፤ የሌላዋ ቢምቢ እጭ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ጉድጓዱን በአፈርና በድንጋይ ይድፈኑ፤ ቁልቁለት ካለው ትንሽ ቦይ ቀደው ያፍስሱት። የበርሜሉን ውሃም ይክደኑ። ኩሬው ለአንድ ቤተሰብ ጉልበት ከበዛ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሩና ከጎረቤት ጋር በወንፈል ያፋስሱት።

3. ከመኝታ በፊት ያለውን ሰዓት ይጠብቁ

አጎበር የማይሸፍነው ይህን ሰዓት ነው። የአገራችን ዋነኛ የወባ ትንኝ መንደፍ የምትጀምረው ገና ሲመሽ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ደጅ ተቀምጦ የሚያወጋ ሰው ሳይተኛ ይነደፋል። ራትን ቀድመው ያብስሉ፤ ከመሸ በኋላ ወደ ቤት ይግቡ፤ መውጣት ግድ ከሆነ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ይልበሱ፣ ጋቢ ይደርቡ። ሕፃናትን በጊዜ አጎበር ውስጥ ያስተኙ። የቅጠል ጭስ ትንኝን ለጥቂት ጊዜ ቢያባርርም አጎበርን አይተካም፤ ዓይንና ሳንባንም ይጎዳል። ማሳ ላይ የሚያድር ሠራተኛ አጎበሩን ይዞ ይሂድ፤ አራት እንጨት ተክሎ ይወጥረው።

4. ከተመለሱ በኋላ

ወባ ከተነደፉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ደጋ ቤትዎ ከገቡ በኋላ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ከያዘዎት፣ «ብርድ መታኝ» ብለው አይተኙ። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ያስመርምሩ፤ ቆላ ወርደው እንደነበርም ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ።